ከሳምንት ንባብ አንድ ገጽ፦ የስኖው ሰንጠረዥ ጅማ ላይ

(የራሳቸውን የንባብ ቡድን ለመጀመር ላሰቡ የጤና ባለሙያዎች ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ላይ ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመተ ምሕረቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው ገና አቦል ላይ ነው። ቶናው ሳይቀርብ ግማሹን እጨርሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

የተጠራሁት የእኛ ቡድን የሳምንቱን ንባብ እንዴት ወደ ውይይት መምሪያ እንደሚቀይር እንድነግራችሁ ነው። በደፈናው ከማወራ አንድ ሳምንት መርጬ እሱን ብቻ ላሳያችሁ። የኮሌራው ሳምንት ነው። መጀመሪያ ያበላሸሁትም እሱን ነው።

ያኔ መምሪያውን ያዘጋጀሁት ሌሊት ቁጭ ብዬ ነበር። 22 ጥያቄ ነበረው። «የኮሌራ መተላለፊያ መንገዶችን ዘርዝሩ።» «የጆን ስኖውን አስተዋጽኦ አብራሩ።» እንዲህ እንዲህ ያሉ። ዘጠኝ ሰው ነበርን። አንዱ ወዳጃችን ያነበበውን ሁሉ ለ40 ደቂቃ ተረከልን። ሌላው ስልኩን ሲነካካ ዋለ። ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ። በኋላ አንዷን ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ «ፈተና መስሎኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የጻፍኩት ፈተና ነበር፤ ያውም መልሱ ከገጹ ላይ የሚገለበጥ ፈተና።

በሚቀጥለው ዙር ያንኑ ንባብ እንደገና ያዝነው። ንባቡ የአምስት ማታ ነው። ሰኞ የብሮድ ስትሪት ፓምፕ ታሪክ። ማክሰኞ የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው በ1855 ካሳተመው ጽሑፍ የደቡብ ለንደን ሰንጠረዥ። ረቡዕ ቄስ ዋይትሄድ የሠራው ምርመራ። ሐሙስ ስለ በሽታው፣ አርብ ስለ ውሃ ምንጭና ስለ ጉድጓድ። ከዚህ ሁሉ ለውይይት የወሰድኩት የማክሰኞውን ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ሌላው ተነቧል፣ ይበቃዋል። ሰንጠረዡ ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጣት የሚያርፍበት ነገር ነው። ጣት የሚያርፍበት ነገር ካለ ዝምተኛውም ይናገራል።

የፓምፑን ታሪክ የማያውቅ የለምና በአጭሩ ልለፈው። በ1854 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ለንደን ውስጥ በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ፈነዳ። ስኖው ሟቾቹን ተከታትሎ አንድ ፓምፕ ላይ ደረሰ። ጥቂት የማይገጥሙ የሚመስሉ ነገሮችም አገኘ። አጠገቡ ባለው የቢራ ጠመቃ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልሞቱም። ቢራ ይታደላቸዋል፣ የራሳቸው ጉድጓድም አላቸው። 535 ሰው ባለበት የድሆች መጠለያ ደግሞ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ እዚያም የራስ ጉድጓድ አለ። በሌላ በኩል ርቀው ሃምፕስቴድ የሚኖሩ አንዲት መበለት ሞቱ። የፓምፑ ውሃ ይጥመኛል እያሉ በየቀኑ በጋሪ ያስመጡ ነበር። ይህን ስናነብ ቡድናችን ሳቀ። እኛም ዘንድ «ለቡና የሚሆነው የዚያ ምንጭ ውሃ ነው» ብሎ ሰፈር አቋርጦ የሚያስቀዳ ሰው አለና።

ታሪኩ ሲነገር መጨረሻው ሁሌ አንድ ነው። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፣ ኮሌራው ቆመ። ስለዚህ በመምሪያው አናት ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፍኩ። መስከረም 1 ቀን ታመው በኋላ የሞቱት 143። እጀታው በተነቀለበት በመስከረም 8 ቀን ታመው በኋላ የሞቱት 12። ከሥር «እጀታው ስንት ሰው አዳነ?» የሚል ጥያቄ። ለማሟሟቂያ አሥር ደቂቃ ሰጠሁት። ሰዎች ቁጥሩን አይተው ፊታቸው ይለወጣል። ወረርሽኙ እጀታው ሳይነካ ወርዷል። ብዙ ሰው ከሰፈሩ ሸሽቶ ነበር። ስኖው ራሱ ይህን አልደበቀም፤ እጀታው ከመነሳቱ በፊት በሽታው እየቀነሰ እንደነበር ጽፏል። ያጋነንነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። በመምሪያው ላይ እንዲህ ነው ያለው፦

ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ኩባንያ፦ 40,046 ቤት፣ 1,263 ሟች፣ ከ10,000 ቤት 315
ላምቤዝ ኩባንያ፦ 26,107 ቤት፣ 98 ሟች፣ ከ10,000 ቤት 37
የተቀረው ለንደን፦ 256,423 ቤት፣ 1,422 ሟች፣ ከ10,000 ቤት 59

ሁለቱ ኩባንያዎች ለደቡብ ለንደን ውሃ በቧንቧ የሚሸጡ ናቸው። ሁለቱም ውሃቸውን ከቴምዝ ወንዝ ይስቡ ነበር። ላምቤዝ በ1852 መሳቢያውን ከከተማዋ በላይ፣ የለንደን ፍሳሽ ወደማይደርስበት ቦታ አዛወረ። ሌላኛው እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ፍሳሹ ከሚገባበት ውሃ መሳቡን ቀጠለ። ሰንጠረዡ የሚያሳየው የ1854ቱን ወረርሽኝ የመጀመሪያ ሰባት ሳምንት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ «የመጨረሻውን አምድ በእጃችሁ ሸፍኑ። ኮሌራው የባሰው የት ነው?» የሚል ነው።

መሸፈኑ ዋናው ነገር ነው። ሲሸፈን ዓይን ወደ ሟቾቹ ቁጥር ይሮጣል፤ ትልቁ 1,422 ነው። በእኛ ቡድን ሦስት ሰው «የተቀረው ለንደን» ብሎ ነበር። አትሳቁባቸው። በየወሩ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ይኸው ነው። ይህ ቀበሌ 30 ሕመምተኛ፣ ያኛው 12። ሰው 30ውን አይቶ ይደነግጣል። ለልምምድ ብለን ባለ 30ው ቀበሌ 3,000 ቤት፣ ባለ 12ቱ 600 ቤት አለው እንበል። የመጀመሪያው ከ10,000 ቤት 100 ይሆናል፣ ሁለተኛው 200። መኪናው መሄድ ያለበት ወደ ትንሹ ቀበሌ ነው። ላዕሉን ብቻ ይዞ ታህቱን የረሳ ክፍልፋይ ወደ ተሳሳተ ሰፈር ይልካል።

ከዚያ «እጃችሁን አንሱ፣ ሦስቱንም ራሳችሁ አስሉ» ይላል መምሪያው። ይቺን መስመር የጻፍኳት ለወጉ ያህል ነበር። ሰው ስልኩን ስለሚነካካ፣ እንግዲያው ለሥራ ይንካካው ብዬ። 1,263 ለ40,046 ሲካፈል 315 ይመጣል። 98 ለ26,107፣ 37 ከምናምን። ሦስተኛው ላይ ያቺ «ፈተና መስሎኝ» ያለችኝ ልጅ ስልኳን ሁለት ጊዜ ጠረገችው። እንደገና ነካካች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «የኔ ስልክ 55 ነው የሚለው» አለች።

ሁላችንም ደገምነው። 1,422 ለ256,423 ሲካፈል ከ10,000 ቤት 55 ይሰጣል። ጽሑፉ ላይ ግን 59 ነው። ስኖው ያሳተመው እንደዚያ ነው፤ ብዙ መማሪያም እንዳለ ገልብጦታል። እኔም ያን ሰንጠረዥ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አንድም ቀን አካፍዬ አላየሁም። አፈርኩ። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም።

ስህተቱ ድምዳሜውን ይለውጠዋል ወይ? አይለውጥም። 55ም ሆነ 59፣ ከ315 በጣም ይርቃል። «ስህተት አለ» እና «ስህተቱ ነገሩን ያፈርሰዋል» የተለያዩ ሁለት ነገሮች እንደሆኑ የተነጋገርነው እዚያው ላይ ነው። አንድ የትየባ ግድፈት አግኝቶ ሙሉውን ጥናት የሚጥል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ «ሁለቱን ኩባንያዎች ማወዳደር፣ ድሃ ሰፈርን ከሀብታም ሰፈር ከማወዳደር በምን ይሻላል?»

እዚህ ላይ ቡድኑ እንዲያስታውስ የምፈልገው ከንባቡ አንድ ነገር ነው። የሁለቱ ኩባንያዎች ቧንቧ በብዙ መንገዶች ላይ ጎን ለጎን ነው የተቀበረው። አንዱ ቤት የላምቤዝን ይጠጣል፣ ጎረቤቱ የሌላውን። ሀብታሙም ድሃውም፣ ትልቁም ትንሹም ቤት በሁለቱም ውስጥ አለ። አየሩ አንድ ነው። በዚያ ዘመን ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ይባል ነበር። ሽታ ከሆነ ጎረቤትን ከጎረቤት እንዴት ይመርጣል? ይህን ሰዎች በራሳቸው አፍ እስኪሉት ድረስ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ አምስት ደቂቃ ጸጥታ ይሆናል። መምሪያ የያዘ ሰው ትልቁ ፈተና ያቺን ጸጥታ መቻል ነው። እኔ ቡና እቀዳለሁ።

ቶናው መጣ መሰለኝ። እሺ፣ ሦስተኛው ጥያቄ። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። «ስኖው የትኛው ቤት የማንን ውሃ እንደሚጠጣ እንዴት አወቀ?»

ቀላል ይመስላል። ሄዶ ጠየቀ። ግን አብዛኛው ነዋሪ አያውቅም። ለምን? ተከራይ ነው። የውሃውን ክፍያ የሚከፍለው አከራዩ ነው፣ አከራዩ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው። ይህን ሳነብላቸው ከእኛ መካከል ተከራይ የሆኑት ተያዩ። እኔ ራሴ የምኖርበት ግቢ ቆጣሪ በማን ስም እንደሆነ አላውቅም።

ስኖው ምን አደረገ? ውሃውን በጠርሙስ ቀድቶ ሲልቨር ናይትሬት ጨመረበት። ይህ ኬሚካል ጨው ካገኘ ነጭ ደመና ይሠራል። ከተማ ውስጥ የሚሳበው ውሃ ፍሳሽ ይገባበታል፣ የባሕሩ ማዕበልም ወንዙን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ጨው ይበዛበታል። ስኖው ሲለካው በአንድ ጋሎን 37.9 ግሬን ጨው አገኘ። የላምቤዙ 0.95 ብቻ ነበር። 40 እጥፍ ገደማ ነው ልዩነቱ። የላምቤዙ ትንሽ ብቻ ይደበዝዛል፣ ሌላኛው ወተት ይመስላል። ደጃፍ ላይ ቆሞ በዓይን መለየት ይቻላል። ላብራቶሪ የሚሠራው ወዳጃችን እዚህ ጋ ሲደርስ ብድግ ብሎ ነው የሚያስረዳው።

ከዚህ የምናወጣው ጥያቄ፣ እኛ ቤት ለቤት ስንሄድ «ውሃችሁ ከየት ነው?» ብለን የምንጽፈውን መልስ በምን እናረጋግጠዋለን የሚል ነው። አቆዩልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አራተኛው፦ «ሰንጠረዡ የሚያካፍለው ለቤት ነው፣ ለሰው አይደለም። ይህ ያሳስባችኋል?»

ያሳስባል። የሞተው ሰው ነው፣ ቤት አይደለም። የሳውዝዋርኩ ቤቶች ሰው የታጨቀባቸው ቢሆኑስ? ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል፣ ክርክሩ ይሞቃል። ይሙቅ። ሲበርድ አንድ ስሌት ብቻ አስገባለሁ። 315 ለ37 ከ8 እጥፍ በላይ ነው። በሳውዝዋርክ ቤቶች በአማካይ እጥፍ ሰው ይኖራል እንበል። ልዩነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ግን አሁንም ከ4 እጥፍ በላይ ነው። ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ በእያንዳንዱ ቤት ከላምቤዝ ቤት ከ8 እጥፍ በላይ ሰው መኖር አለበት። በአንድ መንገድ ላይ፣ ጎረቤታሞች መካከል? አይመስልም። አንድን ጥናት «ድክመት አለበት» ብሎ መተቸት ቀላል ነው። እዚህ ጋ የምንጠይቀው ድክመቱ ምን ያህል ቢሆን ውጤቱን እንደሚያፈርስ ነው። ልዩነቱ 1.2 እጥፍ ቢሆን ኖሮ፣ የቤቶቹ መጠን ብቻውን ጨዋታውን ያበላሸው ነበር።

አምስተኛው ጥያቄ ጅማ ነው። ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፦ «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? በአንድ ቃል ጻፉ፣ ወረቀቱን ገልብጡት።» ሁለተኛው፦ «ካለፈው ሰኞ እስከ አርብ የጠጣችሁትን ሁሉ፣ የት እንደጠጣችሁት ጭምር ጻፉ።» አምስት ቀን ያልኩት የሐሙሱን ንባብ ይዤ ነው። የኮሌራ ጀርም ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሕመሙ እስኪወጣ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ይወስዳል።

ከዘጠኛችን ሰባታችን «ቧንቧ» ብለን ነበር። ወረቀቱን ስንገለብጥ አምስቱን ቀን ቧንቧ ብቻ የጠጡት ሁለት ናቸው። የእኔን ላንብብላችሁ። ሰኞ ቧንቧ። ማክሰኞ ውሃ ጠፋ፣ ከሮቶ። ረቡዕ ሮቶው አለቀ፣ ልጁ ከጎረቤት ጉድጓድ በጀሪካን አመጣ። ሐሙስ መርካቶ ጭማቂ ቤት፣ በረዶ ያለበት። አርብ ዝናብ ጣለ፣ ከቆርቆሮው የተጠራቀመ። ቡናና ሻዩን አልቆጠርኩም፣ ይፈላላ። እኔ በቅጽ ላይ ብጠየቅ «ቧንቧ» ነኝ።

ይህ ምን ችግር አለው? ቁጥር ላይ እናውለው። የፈጠራ ምሳሌ ነው። 10,000 ጉድጓድ የሚጠጣ ቤት፣ 10,000 ቧንቧ የሚጠጣ ቤት አለ እንበል። ከጉድጓዶቹ 160 ሰው ታሞ፣ ከቧንቧዎቹ 20። 8 እጥፍ ነው፣ ልክ እንደ ስኖው። አሁን ቅጹ ከየወገኑ ሩብ ያህሉን ቤት በስህተት ወደ ሌላው አምድ ጻፈው። የጉድጓዱ አምድ ላይ 120 የራሱ፣ 5 ከቧንቧ ይሆናል፤ 125። የቧንቧው አምድ ላይ 15 የራሱ፣ 40 ከጉድጓድ፤ 55። 8 እጥፍ የነበረው 2 እጥፍ ከትንሽ ሆነ። ሩብ ብቻ ተሳስተን። ሪፖርቱ «ከውሃ ምንጭ ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ነው» ብሎ ይወጣል፣ ጉድጓዱም እንደተከፈተ ይቀጥላል።

ስኖው የተሻለ ዕድል ነበረው። የእሱ ሰዎች በውል የተያዙ ነበሩ፤ ቧንቧው አንድ፣ ኩባንያው አንድ። የእኛ ሰው ውሃ ሲጠፋ ይቀያይራል። ስለዚህ በመምሪያው ግርጌ የጻፍነው ቅጽ ሁለት ለውጥ አለው። አንደኛ፣ «ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ?» የሚለው ወጥቶ «ከመታመምዎ በፊት በነበሩት አምስት ቀናት ምን ጠጡ፣ የት ጠጡ፣ ቧንቧው የጠፋው የትኛው ቀን ነው?» የሚል ገባ። ሁለተኛ፣ ያንኑ ጥያቄ፣ ስለነዚያው አምስት ቀናት፣ ያልታመመውንም ጎረቤት እንጠይቃለን። የታመመውን ብቻ ጠይቀን ሁሉም ከጉድጓዱ ጠጥቷል ብንል፣ ጤነኛውም ሁሉ ከዚያው ጠጥቶ ሊሆን ይችላል።

የቡድናችን ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ቅጽ ለሙከራ ወስደው አንድ ጎረቤታሞች መንደር ሞከሩት። ሁሉም ሰው ሰኞን አያስታውስም፤ ከሦስት ቀን በላይ ማስታወስ ይከብዳል። «ከገበያ ቀን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚያግዝ ያገኙት እነሱ ናቸው። አሁን ቅጹ ላይ በቀን ስም ፋንታ «ከገበያ ቀን በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ከገበያ ቀን በኋላ» ይላል። እሱን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ አንባቢዎቹም አይደሉም።

የረቡዕን ንባብ ስላልነካሁት የሚቆጭ ካለ፣ አንዲት ነገር። ቄስ ዋይትሄድ ስኖው ተሳስቷል ብሎ ሊያሳይ ተነስቶ ነው ቤት ለቤት የዞረው። መጨረሻ ላይ በ40 ብሮድ ስትሪት የታመመች ጨቅላ ልጅ አገኘ። የዳይፐሯ እጥበት የፈሰሰበት ጉድጓድ ከፓምፑ ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ጓሯችን ውስጥ በመጸዳጃ ጉድጓድና በውሃ ጉድጓድ መካከል ስንት እርምጃ እንዳለ፣ ቡድናችን ውስጥ ሁለት ሰው በማግስቱ ለክቷል። ልኩን አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅንም።

ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የምታደሉት ወረቀት ላይ 59ኙን እንዳለ ትቼዋለሁ። እናንተ አሁን ሰምታችኋል፣ ምን ይደረግ። ለየቡድናችሁ ግን አትንገሩ። ስልካቸውን ሁለቴ ሲጠርጉ እዩአቸው።